የሦስት አገር ብሎን በአንድ ከተማ፦ ከሰባታሚት ወፍጮ ቤት የተነሣ የጥርስ እርምጃ ታሪክ



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ብሎንና ስለ አንድ ዳዶ ነው። በጠረጴዛው ላይ ያስቀመጥኋቸው ሁለቱ ዕቃዎች ከሰባታሚት የመጡ ናቸው። ንግግሩ ሲያልቅ እየቀረባችሁ በእጃችሁ እንድታዩአቸው እጋብዛለሁ። አሁን ግን ስለ እነርሱ መናገር ያለብኝ አንድ ነገር አለ። ይህን የተበላሸ ዳዶ ለዚህ ብሎን መርጬ የሰጠሁት እኔ ራሴ ነበርሁ።

ዘመኑ 1986 ዓ.ም. ነው፤ ክረምቱ ሊገባ ሲል። በአንድ የብረታ ብረት ወርክሾፕ ውስጥ ጀማሪ ባለሙያ ነበርሁ። ከባሕር ዳር ዳርቻ ካለችው ሰባታሚት አንድ የወፍጮ ቤት ባለቤት መጡ። የወፍጯቸው ሞተር እንግሊዝ ሠራሽ፣ በናፍጣ የሚሠራ፣ አሮጌና ከባድ ነበር። ሞተሩን ከኮንክሪት መሠረቱ ጋር ከሚያስሩት አራት ብሎኖች የአንደኛው ዳዶ ረግቦ ጠፍቷል። ሰውዬው መለኪያ ብለው ያመጡት የብሎኑን ውፍረት ያሰሩበትን ሲባጎ ነበር። ወደ 20 ሚሊሜትር ይጠጋል ብዬ ገመትሁና ከመደርደሪያ ባለ 20 ሚሊሜትር ዳዶ አንሥቼ ሰጠኋቸው። በማግስቱ ተመልሰው፣ «በጣት ብቻ ገባ፤ እግዜር ይስጥልኝ» ብለው አመሰገኑኝ። በጣት ብቻ መግባቱ ሊያሳስበኝ ሲገባ ደስ አሰኘኝ።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ሞተሩ በሥራ ላይ ሳለ በአንድ ጎኑ ተነሣ። ቺንጋው ከጎማው ላይ ዘልሎ ወፍጮውን ይመግብ የነበረውን ወጣት እጁን መታው፤ ሁለት ጣቶቹ ተሰበሩ። ጣቶቹ ድነዋል፤ አንደኛው ግን ዛሬም አይታጠፍም። ይህን የማውቀው እስከ ዛሬ ስለምንገናኝ ነው።

ዳዶው ምን ሆኖ ነበር? በብሎኑ ዙሪያ እንደ ሽቦ የተጠመጠመ ቀጭን የብረት ፍቅፋቂ ተገኘ። ፍቅፋቂው የዳዶው የመጀመሪያ ጥርስ ነበር፤ ከሥሩ ተላጭቶ ወጥቷል። የሚቀጥለው ጥርስ ጫፉ ታጥፏል፤ ከላይ ያሉት ግን ምንም አልነኩም፤ ልክ ከፋብሪካ እንደወጡ ያበራሉ። አንድ ዳዶ ከታች ተቀድዶ ከላይ አዲስ ሆኖ ከተገኘ ነገሩ የመጥበቅ ጉድለት አይደለም፤ ጭነቱን ጥርሶቹ አልተካፈሉትም ማለት ነው።

ለምን እንዳልተካፈሉት ለመረዳት እርምጃ የምንለውን ነገር መያዝ ያስፈልጋል። እርምጃ፣ በወርክሾፕ ቋንቋ ፒች፣ ከአንዱ ጥርስ ጫፍ እስከ ቀጣዩ ጥርስ ጫፍ ያለው ርቀት ነው፤ ዳዶው አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር በብሎኑ ላይ የሚጓዘው ርቀት ማለት ነው። የ20 ሚሊሜትር መደበኛ ዳዶ እርምጃው 2.5 ሚሊሜትር ነው። የሰባታሚቱ ብሎን ግን የሦስት አራተኛ ኢንች ብሎን ነበር። ውፍረቱ 19.05 ሚሊሜትር ሲሆን በአንድ ኢንች ውስጥ አሥር ጥርስ አለው፤ ስለዚህ እርምጃው 2.54 ሚሊሜትር ነው። ልዩነቱ 0.04 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ከፀጉር ውፍረት ያነሰ።

ይህ ትንሽ ልዩነት ግን በየጥርሱ ይደመራል። ዳዶው 16 ሚሊሜትር ያህል ወፍራም ስለሆነ ስድስት ጥርስ ገደማ ይይዛል፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሲደርስ ልዩነቱ ሩብ ሚሊሜትር ይሆናል። ታዲያ ለምን አልተጣበቀም? ብሎኑ ከዳዶው ልክ አንድ ሚሊሜትር ያህል ስለሚቀጥን በጥርሶቹ መካከል ሰፊ ክፍተት አለ፤ ክፍተቱም የእርምጃውን ልዩነት ውጦ ይደብቀዋል። ዳዶው እየተሽከረከረ ይገባል። ሲጠብቅ ግን የብሎኑ ጥርሶች እርስ በርሳቸው ይበልጥ የተራራቁ ስለሆኑ የሚነካካው ከሞተሩ እግር አጠገብ ያለው የመጀመሪያው ጥርስ ብቻ ነው፤ የቀሩት አየር ላይ ናቸው። በትክክል በተገጣጠመ ብሎንና ዳዶ እንኳ የመጀመሪያው ጥርስ የጭነቱን ሲሶ ያህል ይሸከማል። እዚህ ደግሞ ሁሉንም ተሸከመ፤ ያውም በተቀነሰ ጉልበት። የ20 ሚሊሜትር ብሎንና ዳዶ ጥርሶቻቸው 1.35 ሚሊሜትር ያህል ተጠላልፈው ይያያዛሉ፤ የሰባታሚቱ ጥንድ የተያያዘው 0.88 ሚሊሜትር በማይበልጥ ጠርዝ ነበር። በዚያ ላይ የሞተሩ መንቀጥቀጥ ሲጨመር ሦስት ሳምንት መቆየቱ ራሱ ይገርመኛል።

ተገላቢጦሹ ቢሆን አደጋው አይደርስም ነበር። ባለ 20 ሚሊሜትር ብሎን የሦስት አራተኛ ኢንች ዳዶ ውስጥ አይገባም፤ እምቢ ይላል። የሚጎዳን እምቢ ማለት ሲገባው እሺ የሚለው ጥንድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ታሪክ ጸሐፊ የሚጠይቀው ጥያቄ ይነሣል። እንዲህ የተቀራረቡ ግን የማይስማሙ ሁለት የብሎን ዘሮች በአንድ ከተማ እንዴት ተገናኙ?

ወደ ኋላ እንሂድ። እስከ 18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ድረስ ብሎንና ዳዶ ባልና ሚስት ነበሩ። እያንዳንዱ ዳዶ የሚገባው ለአንድ ብሎን ብቻ ነበር፤ ማሽን ሲፈታ ሠራተኛው ጥንዶቹን ምልክት እያደረገ ማስቀመጥ ነበረበት። ይህን የለወጠው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሞድስሌይ እ.ኤ.አ. በ1800 ገደማ ያሻሻለው ጥርስ የሚቆርጥ ቶርኖ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። በቶርኖው ርዝመት ላይ አንድ በጥንቃቄ የተሠራ ረጅም ብሎን ይዘረጋል፤ መሪ ብሎን እንበለው። መሪ ብሎኑ ሲዞር መቁረጫውን የተሸከመውን ጋሪ ይጎትታል። በሚሽከረከረው ብረትና በመሪ ብሎኑ መካከል ጊሮች አሉ፤ የጊሮቹ ጥርስ ብዛት ዝምድና አዲሱ ብሎን የሚያገኘውን እርምጃ ይወስናል። ስለዚህ በዓለም ላይ በቶርኖ የተቆረጠ ጥርስ ሁሉ የአንድ መሪ ብሎን ልጅ ነው። እናቱ ስህተት ካላት ስህተቷን ይወርሳል፤ እናቱ በኢንች የተሠራች ከሆነች ኢንች ይናገራል።

ከሞድስሌይ ጋር ይሠራ የነበረው ጆሴፍ ዊትወርዝ እ.ኤ.አ. በ1841 ከልዩ ልዩ የእንግሊዝ ፋብሪካዎች ብሎኖችን ሰብስቦ ከልማዳቸው አማካዩን አወጣና አንድ ወጥ ሠንጠረዥ አቀረበ። የጥርሱ ማዕዘን 55 ዲግሪ፣ ጫፉና ሥሩ የተድበለበለ እንዲሆን ወሰነ። እ.ኤ.አ. በ1864 ዊሊያም ሴለርስ በፊላደልፊያ ሌላ ሐሳብ አመጣ፦ 60 ዲግሪ፣ ጫፉ ጠፍጣፋ። ሴለርስ የሚከራከረው ከመሳያ ሠሌዳ ሳይሆን ከሠራተኛው እጅ ተነሥቶ ነበር፤ ክብ ጫፍ ለመሥራት የተለየ መቁረጫ ያስፈልጋል፣ 60 ዲግሪን ግን ማንኛውም ሠራተኛ በቀላሉ ይስለዋል፣ ይለካዋል። አህጉራዊው አውሮፓ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1898 ዙሪክ ላይ ተሰብስቦ 60 ዲግሪውን ከአሜሪካ፣ መለኪያውን ከሜትር ወስዶ የራሱን ሥርዓት አጸደቀ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዝና አሜሪካ አንዱ የሌላውን መሣሪያ መጠገን ስላስቸገራቸው እ.ኤ.አ. በ1948 ከካናዳ ጋር ሆነው በጋራ የኢንች ጥርስ ተስማሙ። በዚህም ጊዜ ግን ሜትሪኩና ኢንቹ እንደተለያዩ ቀሩ።

እነዚህ የሩቅ አገር ውሎች ጣና ዳር የደረሱት በአንድ አሥር ዓመት ውስጥ ተከታትለው ነው። እንደ ታሪክ ተማሪ ይህ ነገር ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። በ1953 ዓ.ም. የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጣሊያን ለጦርነት ካሣ በከፈለችው ገንዘብ ተቋቋመ፤ ጣሊያን የሜትሪክ አገር ናት። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩቱ ተከፈተ፤ ሶቪየትም የሜትሪክ አገር ነበረች። በእነዚያው ዓመታት፣ እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1964፣ የአሜሪካ የመሬት ማልሚያ መሥሪያ ቤት መሐንዲሶች የዓባይን ተፋሰስ ያጠኑ ነበር። ከዚያም ቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1951 የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በአሜሪካ እርዳታ ተቋቁሞ ነበር። የአሜሪካን መኪናና የመንገድ መሥሪያ የፈታ ሰው ሁሉ የኢንች ቁልፍ ይዞ ነው የፈታው። በየገጠሩ ደግሞ የእንግሊዝ የናፍጣ ሞተር ወፍጮ ቤት ገብቶ የዊትወርዝን 55 ዲግሪ ይዞ መጣ።

ቋንቋችንም የራሱን ምስክርነት ይሰጣል። ብሎን፣ ዳዶ፣ ቶርኖ፣ ሞርሳ፣ ቺንጋ፤ ሁሉም የጣሊያንኛ ቃላት ናቸው። የእንግሊዙን ብሎን በጣሊያንኛ ስም ጠርተን፣ በሶቪየት ቶርኖ ቆርጠን፣ በአሜሪካ ቁልፍ እናስራለን። ዲፕሎማቶቹ የቀዝቃዛውን ጦርነት በኤምባሲ ሲያካሂዱ የባሕር ዳር መካኒክ ሦስቱንም ወገኖች በአንድ የዕቃ ሣጥን ውስጥ አስታርቆ መዋል ነበረበት። ይህ ግን በየትኛውም ስምምነት ላይ አልተጻፈም።

ወደ ሰባታሚት ልመለስ። የእኔ ዳዶ ካመጣው አደጋ በኋላ ጥገናው በእኔ ላይ ወደቀ። እንዴት እንደሚሠራ ግን የሚያውቁት በወርክሾፑ የነበሩት፣ ጋሼ እያልን የምንጠራቸው ሽማግሌ ቶርኖ ሠራተኛ ነበሩ። ነገሩን ስነግራቸው አልተቆጡም። ብሎኑን ተቀብለው ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዙትና፣ «ልጄ፣ ውፍረቱን ለክተህ ጥርሱን ሳታየው ዳዶ ሰጠህ?» አሉኝ። ከዚህ የበለጠ ቁጣ አላስፈለገኝም።

መጀመሪያ ያደረጉት ነገር የብሎኑን ማንነት ማረጋገጥ ነበር። ማበጠሪያ የመሰሉ ብዙ ቅጠሎች ያሉት የጥርስ መለኪያ አለ፤ ትክክለኛው ቅጠል በጥርሶቹ ላይ ሲቀመጥ ብርሃን አያሳልፍም። የሜትሪኩ የ2.5 ቅጠል በሁለት በሦስት ጥርስ ላይ ሲያዩት የገባ ይመስላል፤ ጋሼ ግን ቅጠሉን በአሥር ጥርስ ርዝመት ላይ እያዘዋወሩ አሳዩኝ። መጨረሻው ላይ ተነሣ፤ በሥሩም ብርሃን ገባ። በኢንች አሥር ጥርስ ያለው ቅጠል ግን ከዳር እስከ ዳር ተኛ። ቀላሉ መንገድም ተራ ማስመሪያ ነው። አሥር እርምጃ ቁጠሩ፤ 25 ሚሊሜትር ከሆነ ሜትሪክ፣ 25.4 ከሆነ ኢንች ነው። ሁለት ጥርስ የሚለካ ይሳሳታል፣ አሥር የሚለካ አይሳሳትም።

የእንግሊዝ ይሁን የአሜሪካ መሆኑ ግን በእርምጃው አይለይም፤ በሦስት አራተኛ ኢንች ላይ ሁለቱም በኢንች አሥር ጥርስ አላቸው። ሁለቱ የሚለያዩት በማዕዘናቸውና በጫፋቸው ነው። ጋሼ በጥፍራቸው የጥርሱን ጫፍ ዳሰሱና «ክብ ነው፤ እንግሊዝ ነው» አሉ። የ55 ዲግሪ መለኪያውን ሲያስገቡም ልክ ሆነ።

ለምን ቀለል አድርገን ሜትሪክ ብሎንና ዳዶ አልተከልንም ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል፤ እኔም ጠይቄያለሁ። በሞተሩ እግር ላይ ያለው ቀዳዳ 20 ሚሊሜትር ዘንግ አያሳልፍም ነበር። ቢያሳልፍ እንኳ ሦስቱ ብሎኖች ኢንች፣ አንዱ ሜትሪክ ሆነው ይቀራሉ፤ ቀጣዩ ጠጋኝ ደግሞ እኔ የሠራሁትን ስህተት ይደግመዋል። ስለዚህ አራቱም አንድ ዓይነት እንዲሆኑ ተወሰነ። አሮጌው ብሎን ከኮንክሪቱ ተጠርቦ ወጣ፤ አዲስ ብሎንና አዲስ ዳዶ ሊሠራ ነው።

እዚህ ላይ ችግር ገጠመን። የነበረን አነስተኛ ቶርኖ የመሪ ብሎኑ እርምጃ 6 ሚሊሜትር ነበር፤ የሜትሪክ እናት ናት። ከእርሷ ኢንች የሚናገር ልጅ እንዴት ይወለዳል? መልሱ በአንድ ቁጥር ውስጥ አለ፤ ቁጥሩም 127 ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 እንግሊዝኛ ተናጋሪ አገሮች አንድ ኢንች በትክክል 25.4 ሚሊሜትር እንዲሆን ተስማምተዋል፤ አምስት ኢንች እንግዲህ በትክክል 127 ሚሊሜትር ነው። 127 ለሌላ ቁጥር የማይካፈል ስለሆነ ባለ 127 ጥርስ ጊር ከሌለ ፍጹም የሆነ ትርጉም አይገኝም። ጊሩ ካለ ግን 2.54ን ለ6 ስናካፍል የምናገኘው 127/300 በጊሮች ይገለጣል፤ ነጂዎቹ 40 እና 127፣ ተነጂዎቹ 100 እና 120 ይሆናሉ።

እኛ ጋ ግን ባለ 127 ጊር አልነበረም። ጋሼ ከኪሳቸው ዘይት የጠገበ ትንሽ ደብተር አወጡ። በአንዱ ገጽ ላይ አራት ቁጥሮች ብቻ ተጽፈው ነበር፦ 40፣ 63፣ 40፣ 60። 40ን ለ63፣ 40ን ለ60 አካፍላችሁ ሁለቱን ብታባዙ 0.42328 ታገኛላችሁ። ትክክለኛው 0.42333 ነው። በ6 ሲባዛ እርምጃው 2.5397 ሚሊሜትር ይሆናል። ስህተቱ ከስምንት ሺህ አንድ ነው፤ በአንድ ሜትር ርዝመት አንድ ስምንተኛ ሚሊሜትር ያህል። ለመሪ ብሎን ወይም ለመለኪያ መሣሪያ ይህ ስህተት ብዙ ነው። ከ20 ሚሊሜትር ብዙም ለማይወፍር ዳዶ ግን ስህተቱ ከሺህ ሦስት ሚሊሜትር አይደርስም፤ ተራ መለኪያ የማይይዘው ነው። ደብተሩን ከማን እንደቀዱት ጠይቄያቸው ነበር። «ካስተማረኝ፤ እርሱም ካስተማረው» አሉ። የቴክኖሎጂ ሽግግር በየመጽሐፉ ሲተነተን ባነበብሁ ቁጥር ያች ገጽ ትታወሰኛለች።

ሥራው የተጀመረው በዳዶው ነው። ምክንያቱ የሚጠቅም ስለሆነ ልንገራችሁ። ዳዶው ቀድሞ ካለቀ ብሎኑ ገና በቶርኖው ላይ ሳለ ዳዶውን እያስገቡ መሞከር ይቻላል፤ ብሎኑ ሳይፈታ ጥቂት ጥቂት እየተላጨ ልኩ ይመጣል። ብሎኑ አንዴ ከቶርኖው ከተፈታ ግን ያንኑ ጥርስ መልሶ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ዳዶው ወደ 16.25 ሚሊሜትር ተበሳ። የዊትወርዝ ጥርስ ጥልቀት እርምጃው በ0.64 ሲባዛ ነው፤ ለእኛ 1.63 ሚሊሜትር። ቀዳዳው በሒሳቡ 15.8 ሚሊሜትር መሆን ነበረበት። ጋሼ ሆን ብለው አሰፉት፤ የጥርሱ ጫፍ ጥቂት ቢቀነስ ጥንካሬው እምብዛም አይጎዳም፣ መቁረጫው ግን ከመሰበር ይድናል።

ለብሎኑ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው የብረት ዘንግ ወደ 19 ሚሊሜትር ተላጨ። መቁረጫው በ55 ዲግሪ ተስሎ ጫፉ በጥቂቱ ተድበለበለ፤ ቁመቱም ከዘንጉ መሐል ትይዩ ሆኖ ታሰረ። ከዚያም ጋሼ ቶርኖውን በዝግታ አስነሥተው መቁረጫውን ብረቱን ለመንካት ያህል ብቻ አስጠጉትና አንድ ጊዜ አስኬዱት። በብረቱ ላይ የፀጉር ያህል ጭረት ብቻ ታየ። አቆሙና ማስመሪያ ሰጡኝ፦ «ቁጠር።» ቆጠርሁ፤ አሥር ጭረት፣ 25.4 ሚሊሜትር። ጊሮቹ በትክክል መግባታቸውን የሚነግረን ይህ ጭረት ነው። በዚህ ደረጃ ስህተት ቢገኝ በአሸዋ ወረቀት ይጠፋል፤ ከአምስት ቆረጣ በኋላ ቢገኝ ብረቱ ይጣላል።

ቀጥሎ እኔ ጀመርሁ። የመጀመሪያው ቆረጣ ሲያልቅ እጄን በልማድ ወደ ግማሽ ዳዶው ማንሻ ሰደድሁ። ግማሽ ዳዶ የምንለው ጋሪውን ከመሪ ብሎኑ ጋር የሚያያይዘው መቆንጠጫ ነው፤ ከከፈቱት ጋሪው በእጅ ወደ መነሻው ይመለሳል። ጋሼ እጄን ያዙት። «ይህን ከከፈትህ አታገኘውም» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ6 ሚሊሜትር መሪ ብሎን የ2 ሚሊሜትር ጥርስ ስንቆርጥ 2 ለ6 ስለሚካፈል ግማሽ ዳዶው የትም ቦታ ቢዘጋ መቁረጫው በቀድሞው ቦይ ውስጥ ይወድቃል። 2.54 ግን ለ6 አይካፈልም። በእኛ ጊሮች ጥርሱና መሪ ብሎኑ እንደገና የሚገናኙት ከ480 ሚሊሜትር ጉዞ በኋላ ነው፤ ብሎናችን ግን ከዚያ እጅግ ያጥራል። ግማሽ ዳዶው ተከፍቶ በዘፈቀደ ቢዘጋ ሁለተኛው ቆረጣ የመጀመሪያውን ጥርስ ጫፍ ይዞ ይሄዳል፤ በአንድ ዙር ሥራው ሁሉ ይበላሻል። ስለዚህ ግማሽ ዳዶው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንደተዘጋ ይቆያል። ቆረጣው ሲያልቅ መቁረጫው ወደ ኋላ ይሳባል፣ ሞተሩ በተቃራኒው ይዞራል፣ ጋሪው ከእነመሪ ብሎኑ ይመለሳል። ሲመለስም ከብሎኑ ጫፍ ጥቂት ማለፍ አለበት፤ አቅጣጫ ሲለወጥ በጊሮቹ መካከል ያለው ልል ቦታ እስኪያዝ ድረስ መቁረጫው ትክክለኛ ቦታው ላይ አይደለምና።

በዚህ መንገድ አሥራ አምስት ጊዜ ያህል ሄድን መጣን። መጀመሪያ ሁለት አሥረኛ ሚሊሜትር፣ ጥልቀቱ ሲጨምር ግን መቁረጫው በሁለቱም ጎኑ ስለሚበላ ከአንድ አሥረኛ በታች እየቀነስን። ጩኸቱ ራሱ ይናገራል፤ የሚያፏጭ ከሆነ መቁረጫው ደንዝዟል ወይም ቆረጣው በዝቷል፣ የጥርሱም ጎን የተቀደደ ጨርቅ ይመስላል። መጨረሻ ላይ በመቶኛ ሚሊሜትር እየጨመርን ዳዶውን በየጊዜው ሞከርን። መጀመሪያ ጫፉን ብቻ ያዘ፤ ቀጥሎ ሁለት ዙር ገብቶ ቆመ። ያን ጊዜ በኃይል ላስገባው ስል ጋሼ እንደገና ከለከሉኝና ፍቅፋቂውን በብሩሽ አስጠረጉኝ። ከተጠረገ በኋላ አንድ ቆረጣ ብቻ ቀርቶት ነበር።

ዳዶው ሲገባ እስከ መጨረሻው በጣት ገባ። ከሦስት ሳምንት በፊት የሰጠሁት ዳዶም በጣት ገብቶ ነበር፤ ልዩነቱ የሚታወቀው በጎን ሲነቀንቁት ነው። ያኛው ይንኳኳል፣ ይወዛወዛል። ይህኛው ሲዞር ይሄዳል፣ ሲነቀንቁት ግን ዝም ይላል። ጋሼ ጥርሱን ከእርሳስ በተፋቀ ጥቁር ዱቄት ቀብተው ዳዶውን አስረው ፈቱትና ውስጡን አሳዩኝ። ጥቁሩ ምልክት በሁሉም ጥርስ ጎን ላይ ታትሟል። በተበላሸው ዳዶ ላይ ይህንኑ ብናደርግ ምልክቱ በአንድ ጥርስ ላይ ብቻ ይታይ ነበር።

ብሎኑ በኮንክሪት ተተክሎ ኮንክሪቱ ደርቆ ሞተሩ ሲነሣ ሁለት ሳምንት አልፏል፤ በእነዚያ ሁለት ሳምንታት የሰባታሚት ሴቶች እህላቸውን ተሸክመው ከተማ ድረስ ሄደዋል። ጣቱ የተሰበረው ወጣት የመጀመሪያውን ጤፍ በግራ እጁ ሲጨምር አጠገቡ ቆሜ ነበር። ያ ሞተር በኋላ በኤሌክትሪክ ተተካ። ሲነቀል እኔ ተጠርቼ ብሎኖቹን ፈታሁ፤ ጋሼ ያሠሩኝን ጥንድም ለምኜ ወሰድሁ። በዚህ ጠረጴዛ ላይ ያለው አዲሱ ዳዶ እርሱ ነው፤ አጠገቡ ያለው የእኔ ነው። ከጥርስ መለኪያው ጋር ስለተቀመጡ መጥታችሁ ለኩ፤ አሥር ጥርስ ቁጠሩ።